ግማሹን ጥያቄ ከወረቀቱ ላይ ያንሱት

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አራት ሴክሽን አለኝ፣ በየክፍሉ 58 ተማሪ። ባለፈው ሚድ ላይ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ወረቀቱን በስልክ አንስተው መልሱን ከነአሠራሩ ሲያወጡ ደረስኩባቸው። ከዚያ ወዲህ በእጄ ጽፌ አባዛሁ፣ ሥዕል ጨመርኩ፣ ምርጫውን ትቼ ‹ለምን› የሚል ጥያቄ አበዛሁ። ለውጥ የለም። ስልክ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ምላሽ፦

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የለም። ይህንን መጀመሪያ እንጨርሰው። አንድ ተማሪ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሊሠራው የሚችል፣ መልሱም በቁርጥ የሚታረም ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ወረቀት ላይ እስከሰፈረ ድረስ ስልኩም ይሠራዋል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ እውነት ነው። በስልክ ስህተት ላይ ግን ፈተና አይገነባም። ዘንድሮ የሳተውን ለከርሞ ይመታዋል።

ሊደረግ የሚችለው ሌላ ነው። ጥያቄውን ማክበድ ትተው ወረቀቱን ያጉድሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዛሬ ግን ወረቀት የያዘውን ሁሉ ለካሜራ ይለቃል። ስለዚህ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ነገር በሙሉ አያስይዙት። ግማሹ ክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ ተማሪው ዓይን ፊት፣ ጆሮው ላይ፣ እጁ ላይ። ወረቀቱን ያነሳ ልጅ የሚያገኘው ግማሽ ጥያቄ ነው። በግማሽ ጥያቄ ደግሞ ማንም አይመልስም።

የሞከሯቸው መንገዶች ለምን እንዳልሠሩ ልንገርዎ፤ ሌሎች መምህራንም እዚያው ላይ ጊዜያቸውን ያጠፋሉና። በእጅ መጻፍ ድሮ ይሠራ ነበር። ፎቶማዝ የሚባለው አፕ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ያነብ የነበረው የታተመ ቀመር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የእጅ ጽሑፍም ማንበብ ጀመረ። ሥዕልም ለተወሰነ ጊዜ ያዳነ ይመስል ነበር። ነገር ግን ቻትጂፒቲ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶ ይቀበላል፣ ሌሎቹም ተከትለውታል። የተዘበራረቀ የሰርኪዩት ሥዕል አልፎ አልፎ ያሳስተዋል፤ ያኔም ቢሆን አብሮት የሚሳሳተው ጎበዙ ተማሪዎ ነው። ሥዕሉ ለስልክ ካልተነበበ ለልጁም አልተነበበም ማለት ነው።

«ለምን» የሚለው ጥያቄማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ መምህራን፣ ጥያቄው ከማስታወስ ወደ ማብራራት ከፍ ካለ ማሽኑ ይቸገራል ብለው ያስባሉ። ይህ ለሰው ነው የሚሠራው። «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ»፣ «አውቶቡስ በድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ለምን ወደፊት ይወረወራል» የሚሉት ጥያቄዎች በየመጽሐፉ ሺህ ጊዜ ተመልሰዋል። ስልኩ አሳምሮ ያወራላቸዋል፤ እንዲያውም ከእርስዎ ጎበዝ ተማሪ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል።

አንድ ሌላ የተደባለቀ ነገር አለ። «ወረቀቱን አነሱት» ሲባል ሦስት የተለያዩ መሾለኪያዎች አሉ። አንደኛው ፎቶው ለአፕ ሲሄድ ነው። ሁለተኛው ለጓደኛ ሲሄድ ነው፤ ከውጭ ያለው ልጅ ሠርቶ በቴሌግራም ይመልሳል። ሦስተኛው የጠዋቱ ፈረቃ አንስቶ ለከሰዓቱ ሲያስተላልፍ ነው። ጥያቄውን በኮድ 1 እና ኮድ 2 ማባዛት ጎን ለጎን የሚኮራረጁትን ያስቸግራል፣ ከሦስተኛውም በከፊል ይከላከላል። በአንደኛው ላይ ግን ምንም አያደርግም። አፕ ኮድ አይቆጥርም፤ የመጣለትን ይሠራል። እርስዎ የገጠመዎት አንደኛው ስለሆነ እሱን እንያዝ። ደግነቱ ለአንደኛው የሚሠራው መላ ሌሎቹንም ይጎዳል።

በአገር ደረጃ ይህን ችግር የፈቱት በጥያቄ አወጣጥ አይደለም። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ቻይና ጋኦካኦ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ስትሰጥ፣ ትልልቆቹ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎቿ በፈተናው ሰዓት የጥያቄ ፎቶ መቀበላቸውን ለጊዜው ዘጉት። በእኛ አገር በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ፈተናው ተቋርጦ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። እርስዎ ኩባንያ አያዘጉም፣ 232 ልጅ ጭነውም ዩኒቨርሲቲ አይወስዱም። ያለዎት ክፍልዎ፣ ጠመኔና አርባ ደቂቃ ነው። ይበቃል።

አሁን አንድ ጥያቄ ከሥሩ እንሥራ። ፔንዱለምን ልውሰድ። የተለመደው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «90 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ለመጨረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል?» ቀመሩ T = 2π√(L/g) ነው፤ መልሱ 1.90 ሴኮንድ። ይህ ለስልክ ቁርስም አይሆንም።

ይህንኑ እውቀት ከወረቀቱ ላይ እንዲህ ያንሱት። አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ጣውላ ያግኙ። ከላይ ረዘም ያለ ሚስማር ይምቱበት፤ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ወደፊት ወጣ ይበል፣ አለዚያ ክሩ ጣውላውን እየታከከ ይቆማል። ከእሱ በትክክል ሥር፣ በ30፣ በ45፣ በ60 እና በ70 ሳ.ሜ. ዝቅታ አራት ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳዎቹ ሌላ ሚስማር ገብቶ የሚወጣባቸው ይሁኑ። ጣውላውን ሰሌዳው አጠገብ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። በክር ላይ የጽሕፈት ቤቱን ጓጉንቸር ይቋጥሩና ከላይኛው ሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት፣ ከሚስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ መሃል 90 ሳ.ሜ. እንዲሆን። ጓጉንቸር ያልኩት ከባድ ስለሆነና ከኋላ ወንበር ስለሚታይ ነው፤ የክብደት መለኪያ ድንጋይ ካለዎት እሱም ይሆናል።

ፈተናው ሲጀመር ወረቀቱን ያድሉ። ከዚያ «ሁላችሁም ብዕር አስቀምጡ፣ ወደዚህ ተመልከቱ» ይበሉ። ጓጉንቸሩን አሥር ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ወደ ጎን ስበው ይልቀቁ። ከዚያ በላይ ከሳቡት ቀመሩ መሳት ይጀምራል። በልብዎ አሥር ሙሉ ውዝዋዜ ቆጥረው ያቁሙት። ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ አይናገሩም። ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት የፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው፤ 19.0 ሴኮንድ ይመጣልዎታል። መቁጠር የእነሱ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛውን ሚስማር በ45ቱ ቀዳዳ ያስገቡ። አሁንም ምንም አይናገሩ። ጓጉንቸሩን እንደገና በዚያው ልክ ስበው ይልቀቁ። ክሩ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሙሉውን ርዝመት ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ሌላው ጎን ሲያልፍ ሚስማሩ ይይዘውና ከሚስማሩ በታች ያለው 45 ሳ.ሜ. ብቻ ይወዛወዛል። የዚህም አሥር ውዝዋዜ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፦ 16.3 ሴኮንድ። ከዚያ ሁለቱንም እንደገና ይድገሙ። መድገሙን አይዝለሉት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦

«1. በመጀመሪያው ጊዜ ስንት ሙሉ ውዝዋዜ ቆጠርህ/ሽ? (1 ነጥብ)
2. ከዚህ ተነስተህ/ሽ የክሩን ርዝመት አስላ/አስዪ። (3 ነጥብ)
3. በሁለተኛው ጊዜ ምን ተለየ? በሥዕል አሳይ/አሳዪ። (2 ነጥብ)
4. መምህሩ በሁለተኛው ጊዜ የጨመረው ነገር ከላይኛው ሚስማር በስንት ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል? ሥራህን/ሽን አሳይ/አሳዪ። (4 ነጥብ)»

ይህን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለአፕ መላክ ይቻላል። አፑ ምን ይላል? ስለ ፔንዱለም ያስተምራል፣ ቀመሩን ይጽፋል፣ ከዚያ «መረጃው አልተሰጠም» ብሎ ይቆማል፤ ባሰ ቀን ደግሞ ቁጥር ፈጥሮ ይሠራል። የተፈጠረ ቁጥር ይዞ የመጣ ወረቀት ሲያርሙ በአንድ ዓይን ይለያል። ሰሌዳውንም ቢያነሳው የሚያገኘው 19.0 እና 16.3 የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን ነው። ልጁ ስልኩን ለመጠቀም «ክሩ በአንድ ጎን ብቻ በሚስማር ይያዛል፣ በሌላው ጎን ግን ነጻ ነው» ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ያንን አስተውሎ በትክክል የጻፈ ልጅ የጥያቄውን ዋና ነገር ራሱ መልሷል።

የአራተኛው ጥያቄ አሠራር እንዲህ ነው። የሁለተኛው ውዝዋዜ ጊዜ 1.63 ሴኮንድ ነው። ከውዝዋዜው ግማሹ የረጅሙ ክር ነው፣ ግማሹ የአጭሩ። ስለዚህ የአጭሩ ሙሉ ጊዜ 2 × 1.63 − 1.90 = 1.36 ሴኮንድ ይሆናል። ወደ ርዝመት ሲመለስ 46 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ ከ90 ሲቀነስ ሚስማሩ 44 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ተተክሏል። እውነተኛው 45 ነው። የሰዓት አያያዝ ስህተት ስላለ ከ40 እስከ 50 ያመጣውን ሁሉ ሙሉ ነጥብ ይስጡት።

እኔ ይህን ዓይነት ጥያቄ የምወደው ግን በኩረጃው ምክንያት ብቻ አይደለም። የተሳሳተው መልስ ስህተቱን ይናገራል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ 90 ገደማ ያመጣ ልጅ በትክክል ቆጥሯል። 74 ሳ.ሜ. ያመጣ ልጅ ጓጉንቸሩ ሲለቀቅ «አንድ» ብሎ ጀምሯል፤ በዜሮ መጀመር ሲገባው 11 ቆጥሯል። 22 ሳ.ሜ. ያመጣ ደግሞ መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሌላ አንድ ብሎ 20 ላይ ደርሷል። አራተኛው ላይ «24 ሳ.ሜ.» የሚል መልስ ካዩ ልጁ ክሩ በሁለቱም ጎን ያጠረ መስሎት 1.63ን በቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ከቶታል። 66 አግኝቶ ከ90 ቀንሶታል ማለት ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ወረቀት ጥግ ላይ ጽፈው ቢያርሙ በአንድ ወረቀት ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ለ232 ወረቀት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ከምርጫ ጥያቄ እርማት ይረዝማል፤ አልዋሽዎትም።

እርማቱ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በቁጥር የተሳሳተ ልጅ የሚያጣው የመጀመሪያዋን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በራሱ ቁጥር ይከተሉት። 11 ቆጥሮ 74 ካገኘ የሁለተኛውን ሦስት ነጥብ ሙሉ ይውሰድ፤ ስሌቱን ችሏልና። ይህን ካላደረጉ የሚፈትኑት ፊዚክስ መሆኑ ቀርቶ የመቁጠር ችሎታ ይሆናል።

ወደ መድገሙ ልመለስ። የዛሬ ስንት ዓመት በማስተምርበት አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰጥ አንድ ጊዜ ብቻ አወዛወዝኩት። ያንጠለጠልኩት ትንሽ ዳዶ ነበር፤ ክሩም ከሰሌዳው ጋር ተመሳስሎ ጥቁር ነው። ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ልጅ ሁሉ አላየም። ማንም እጁን አላወጣም፤ ፈተና ላይ ማን ያወጣል? ሳርም የኋለኛው ወንበር በሙሉ ከፊት ያለውን ገልብጦ አገኘሁት። ኩረጃ ላስቀር ብዬ ኩረጃ አስገደድኩ። ሦስቱን ጥያቄ ሰርዤ ነጥቡን ለሌላው አከፋፈልኩ። ያፈርኩት በልጆቹ ሳይሆን በራሴ ነው። ስለዚህ ነጭ ክር፣ ትልቅ ጓጉንቸር፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። ከመጀመርዎ በፊት ራስዎ የኋለኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሌላ ሰው ያወዛውዝልዎ። ዓይኑ የሚደክም ተማሪ ካለ ፊት ይቀመጥ። ጨርሶ የማያይ ካለ ደግሞ ቀድመው በተለየ ሰዓት በእጁ እየዳሰሰ እንዲቆጥር ያድርጉ።

አሁን አራቱ ሴክሽኖች። ጠዋት የተፈተነው «45 ነው መልሱ» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ ለሁለተኛው ሴክሽን ሚስማሩን በ30ው ቀዳዳ ያስገቡት፤ የአሥር ውዝዋዜው ጊዜ ወደ 17.3 ሴኮንድ ይሄዳል። በ60ው ቀዳዳ 15.0 ይሆናል፣ በ70ው ደግሞ 14.0። የውዝዋዜውንም ቁጥር ይቀያይሩት፤ አንዱ ጋ 10፣ አንዱ ጋ 8፣ አንዱ ጋ 12። ጊዜውም አብሮ ይቀየራል። ቁጥሩ ሊሾልክ አይችልም፤ ዘዴው ግን ይሾልካል። «ሁለት እጥፍ አድርገህ የመጀመሪያውን ቀንስ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በእረፍት ሰዓት ግቢውን ትዞራለች። ለከሰዓቱ ፈረቃ ስለዚህ ጥያቄውን ይገልብጡት። የክሩን ርዝመትና ሚስማሩ የት እንዳለ ልጆቹ ፊት በሜትር ይለኩ፣ ከዚያ ጓጉንቸሩን ከመልቀቅዎ በፊት ልጆቹ አሥር ውዝዋዜ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ አስልተው ከነምክንያቱ ጽፈው ያስረክቡ። ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ያወዛውዙት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲቆጥር ማየት ራሱ ደስ ይላል።

የሌላ ትምህርት መምህራንም ይህን ሊያነቡ ስለሚችሉ ባጭሩ፦ ባዮሎጂ ከሆነ ከግቢው የተቆረጠ፣ ቁጥር የተለጠፈበት ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ወረቀቱ «ከ3ኛውና ከ7ኛው የቱ ነው የብርሃን እጥረት ያየው? ምን አይተህ?» ይበል። ቅጠሉን ራሱን ግን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ስለዚህ ተነስተው በየተራ ያያሉ እንጂ ወንበራቸው ድረስ አይሄድም። አማርኛ ከሆነ ምንባቡን ያንብቡላቸው እንጂ አያድሉት። ሒሳብ ከሆነ ባለፈው ሳምንት የሠሩት ቴስት ይመለስላቸውና የራሳቸውን አንድ ስህተት መርጠው የት እንደሳቱ፣ ያ ስህተት መልሱን ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደገፋው ይጻፉ። የመጨረሻው ደካማ ነው፤ ያ ወረቀትም ፎቶ ይነሳል። ከሌሎቹ ጋር ካልሆነ ለብቻው አይተማመኑበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ማድረግ የሌለብዎት ነው። በወረቀቱ ላይ በጣም በፈዘዘ ቀለም ማሽኑን የሚያሳስት ዓረፍተ ነገር መደበቅ የሚባል ዘዴ ይወራል። በኮምፒውተር ለሚሰጥ ፋይል አንዳንዴ ይሠራ ይሆናል። ታትሞ ሲባዛ ግን ወይ ጨርሶ አይወጣም፣ ያኔ ካሜራውም አያየውም፤ ወይ በትንሹ ይወጣና ሐቀኛው ልጅ ያነበዋል። «መልስህን በ3 አባዛ» የሚል የተደበቀ ትእዛዝ አንብቦ በ3 ያባዛውን ልጅ ምን ይሉታል? እንደዚሁ፣ «ይህ የአንተ አጻጻፍ አይደለም» ብለው ማንንም ዜሮ አይስጡ። አጻጻፉ ያማረ ልጅ ሁሉ ኮራጅ አይደለም፤ በአጻጻፍ ብቻ ደግሞ ማረጋገጥ አይቻልም። ከተጠራጠሩ ጠርተው ሁለት ደቂቃ ያነጋግሩት።

ክፍል ውስጥ የተባለ ቀልድ ወይም «ማክሰኞ ዕለት መምህሩ የጠቀሱት ምሳሌ» የሚል ጥያቄም ይቅርብዎ። ስልክ አይመልሰውም፣ ልክ ነው። ማክሰኞ ታሞ የቀረውም አይመልሰውም። ከወረቀቱ ላይ የተነሳው የጥያቄው ግማሽ እዚያው ፈተናው ላይ፣ ለሁሉም እኩል መቅረብ አለበት። የቀረ ተማሪ ሲመጣ በሌላ ቀዳዳ እንደገና ያወዛውዙለት፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህ ሁሉ ስልኩ ከክፍል እንዲወጣ ማድረግን አይተካም። ስልክ ፎቶ ብቻ አያነሳም፤ ቪዲዮም ይቀርጻል፣ ቪዲዮ አይተው የሚመልሱ አፖችም አሉ። ጓጉንቸሩ ሲወዛወዝ ቀርጾ ከወረቀቱ ጋር የላከ ልጅ ሊሳካለት ይችላል። ልዩነቱ፣ ወረቀት ጠረጴዛ ሥር በሦስት ሴኮንድ ይነሳል፤ ሰሌዳውን ለመቅረጽ ግን ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ እርስዎ መያዝ ያስፈልጋል። ይታያል። ጥያቄው ስልኩን አያሸንፈውም፤ ከጠረጴዛ ሥር ያወጣዋል እንጂ።

ለቤት ሥራና ለአሳይመንት ደግሞ እስካሁን ያልኩት አንዱም አይሠራም። ልጁ ቤቱ ነው፣ ጊዜ አለው፣ ስልክ አለው። እዚያ ላይ ጥያቄ በማጣመም አይድከሙ። አሳይመንቱን እንዳለ ይቀበሉና ነጥቡን ከወረቀቱ ወደ ልጁ አፍ ያዙሩት። 58ቱን በሁለት ሁለት ደቂቃ ማነጋገር ወደ ሁለት ሰዓት ነው፤ አይቻልም። በአሥር ቡድን ይክፈሏቸውና ከየቡድኑ አንድ ልጅ በዕጣ ይውጣ። «ይህንን መስመር ከየት አመጣችሁት? ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን የትኛው ቁጥር ይቀየራል?» ብለው ይጠይቁት። የእሱ መልስ የቡድኑ ነጥብ ነው። ዕጣው ማን ላይ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ከዚያ በፊት ባለው ቀን እርስ በርስ ሲያስረዱ ያገኟቸዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ፋይናሉን ሙሉ በሙሉ አይቀይሩ፤ ከ30ው ነጥብ 20ውን እንደ ቀድሞው ያውጡ፣ በኮድ ያባዙት። አሥሩን ብቻ ከወረቀቱ ላይ ያንሱ። ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ። እነዚህን አሥር ነጥቦች መጀመሪያ ያስፈትኗቸው፣ ወረቀቱን ይሰብስቡ፣ ከዚያ 20ውን ያድሉ። እርማት ላይ ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ይደምሩ። በ20ው 18 አምጥቶ በአሥሩ 1 ያመጣ ልጅ ካዩ አይቆጡት፣ አይክሰሱት። ሰኞ ዕለት ጓጉንቸሩን ይዘው ይጥሩትና ፊትዎ ላይ እንዲያወዛውዘው ያድርጉ። አንዳንዱ ደንግጦ የሳተ ይሆናል፤ ቆጥሮ አስልቶ ያሳይዎታል። ሌላው የት እንደሚጀምር አያውቅም። የዚያን ልጅ 18 ምን እንደሚያደርጉት ያኔ ከእሱ ጋር ተነጋግረው ይወስናሉ።